«እጅሽ ይባረክ» ሙገሳ ነው፦ «ማድነቅ አናውቅም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«እኛ ሰው ማድነቅ አናውቅም። ብናውቅም ቃላችን ደካማ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በድፍረት፣ በትልልቅ ቃላት እናድንቅ።»

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተው ጽሑፍ ማሳረጊያው ይኸው ነው። ብዙ ሰው «እውነት ነው» እያለ ተቀባብሎታል። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፈው ያስታውቃል፤ መነሻውም እውነት አለው። ዕድሜ ልኳን ለቤተሰብ እያበሰለች «ጣፍጧል» የሚላት ያጣች እናት በየሰፈሩ አለች። ሚስቱ ፀጉሯን አሳጥራ ገብታ ልብ ያላለ ባልም ሞልቷል። ለዚህ ዝምታ ጥብቅና አልቆምም።

የማልስማማው በመድኃኒቱ ነው። ዝም ያለው ሰው አፉን እንዲከፍት ቢመክር ኖሮ ምንም ባላልኩ። ጽሑፉ ግን የሚያደንቀውንም ሰው «አነጋገርህን ቀይር» ይለዋል። ሥራዬ የውጭ ድራማዎችን ንግግር ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ስለ ወጥ፣ ስለ ቀሚስ፣ ስለ ፀጉር የሚባል ሙገሳ በየትዕይንቱ ይገጥመኛል። ትልቁን ቃል እንዳለ ስናስቀምጠው ተዋናይዋ ወይ የምትሸነግል ወይ የምታሾፍ እየመሰለች ስንቸገር ኖረናል። ስለዚህ ነጥቦቹን በየተራ ላንሳ።

«‹እጅሽ ይባረክ› ምርቃት እንጂ ሙገሳ አይደለም፤ ከልማድ ነው የሚወጣው። ‹በሕይወቴ እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም› የሚለውን የመሰለ ነገር የለም።»

እስቲ ገበታው ጋ እንቅረብ። የበዓል ቀን ነው፤ ዶሮ ወጥ ቀርቧል። ያበሰሉት የጓደኛችሁ እናት ናቸው። ሽንኩርቱን አድቅቀው ከትፈው፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት ለሰዓታት አቁላልተዋል። በርበሬውን ከጨመሩ በኋላ እንዳያርባቸው ውሃ ጠብ እያደረጉ አማስለዋል። ዶሮውን 12 ብልት አውጥተው፣ በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበዋል። ቅቤው ገብቷል፤ መከለሻው መጨረሻ ላይ ተነስንሷል። አሁን እናንተ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎርሳችኋል። እሳቸው ቆመው ፊታችሁን ያያሉ።

«የማይታመን ነው! በሕይወቴ እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም!» ብትሉ ምን ይሆናል? እሳቸው ፈገግ ይላሉ፤ ጨዋ ናቸውና። በሆዳቸው ግን «እናቱ ቤት ምን ሲበላ ኖሮ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። እሳቸውን ለማክበር ብላችሁ እናታችሁን ዝቅ አደረጋችሁ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቃሉ ስለ ወጡ ምንም አለመናገሩ ነው። ሽሮ ቢቀርብም፣ ፓስታ ቢቀርብም ያንኑ ልትሉት ትችላላችሁ። ሽንገላ የሚሸተው እዚህ ላይ ነው። የትም ቤት ሊባል የሚችል ቃል የዚህን ቤት ድካም አላየም።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ! ሽንኩርቱን የት አደረሱት? ቁሌቱ እንዴት አድርጎ ነው የበሰለው!» እዚህ ውስጥ አንድም ትልቅ ቃል የለም። ግን ዶሮ ወጥ ሠርታ የምታውቅ ሴት ሁሉ ምን እንደተባለ ይገባታል። በችኮላ የተሠራ ወጥ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ሽንኩርቱ ጥርስ ላይ ይገኛል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል። ሽንኩርቱ ጠፍቶ ቁሌቱ ከወፈረ፣ አንድ ሰው ምድጃ ሥር ቆሞ ውሏል ማለት ነው። እንግዳው ያንን አየ። እሳቸው ከዚያ በላይ የሚፈልጉት ምስክር የለም።

ምርቃቱስ ምን ሠራ? ምርቃቱ ሙገሳውን ከሳህኑ አንስቶ ወደ ሰውየዋ ወሰደው። ወጡ ተበልቶ ያልቃል፤ የሚመረቀው ነገም የሚሠራው እጅ ነው። ሌላም ነገር አለ። ሙገሳ ሲጠነክር ሰሚው «ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ መጠርጠሩ ያለ ነው። ምርቃት ይህን ጥርጣሬ ይዘጋል። የመረቀ ሰው ለሌላው ለመነ እንጂ ለራሱ አልጠየቀም። ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከልቡ፣ ደጋግሞ ቢል እንኳ ማሽቃበጥ አይሆንበትም። ጸሐፊው የሚፈልገውን ብርታት ምርቃቱ ራሱ ይሰጠዋል።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ምግብ ላበሰለ ሰው «ኤሊኔ ሳሊክ» ይላሉ፤ ለእጅሽ ጤና ይስጥ እንደማለት ነው። ቤሩት የሠሩ እህቶቻችን «የስለሙ ኢደይኪ» የሚለውን በየማዕዱ ሰምተውታል፤ እጅሽ ሰላም ይሁን ነው። ከቱርክ ድራማ ያን ቃል ስንመልስ «እጅሽ ይባረክ» እናስቀምጥና ተዋናይዋ አዲስ አበባ ያደገች ትመስላለች።

ጸሐፊው የሚለው ልማድ እንዳለ ግን አምናለሁ። ተበልቶ ካለቀ በኋላ፣ ስልክ እየታየ፣ ሁሉም በአንድነት የሚለው «እጅሽ ይባረክ» አለ። ያ ሙገሳ አይደለም፤ ከገበታ መነሻ ነው። ልዩነቱ በሰዓቱ ይታወቃል። ከልብ የሆነው በመጀመሪያው ወይ በሁለተኛው ጉርሻ ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴ አፍ ሙሉ ሆኖ «ውይ!» ተብሎ ይቀድማል። ሁለተኛው ምልክት ሳህኑ ነው። ቃሉን አሳምሮ ምግቡን ያስተረፈን ሰው ባለቤቷ የምታምነው ሳህኑን ነው። «እስቲ ከቁሌቱ ትንሽ ይጨምሩልኝ» ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ምንም ባይል ጨርሷል።

ማጋነን በራሱ ክፉ እንዳልሆነም ልብ በሉልኝ። «እጅ ያስቆረጥማል» እንላለን። ከዚህ በላይ ምን ማጋነን አለ? ማንም ግን ሽንገላ አይለውም። ሁላችንም ያደግንበት ማጋነን ስለሆነ ሰሚው እንደ ሚዛን አይመዝነውም፤ ደስታ ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። «የማይታመን» ግን ገና እንግዳ ነው። ሰሚዋ ቃል በቃል ትወስደውና «ምኑ ነው የማይታመነው? ወጥ መሥራቴ?» ትላለች። እኔ ትዕይንቱ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣብኝ የማጋነኑን ልክ አልቀንስም፤ እኛ ቤት ያደገ ማጋነን እፈልግለታለሁ።

«ፈረንጅ ከልቡ፣ በራሱ ቃል ያደንቃል። እኛ የተዘጋጀ ቃል እንደግማለን።»

ይህኛው ነጥብ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ጆአን ማንስና ኔሳ ዎልፍሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አገራቸው ውስጥ በዕለት ተዕለት ኑሮ የተባሉ 686 ሙገሳዎችን ሰብስበው ውጤቱን በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትመዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሙገሳዎች አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ሆነው ተገኙ፤ «ይህ ነገርሽ (በጣም) ያምራል» ዓይነት። በቅጽል ከተነገሩት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ደግሞ በአምስት ቅጽሎች ብቻ ነው የተባለው፦ ናይስ፣ ጉድ፣ ቢዩቲፉል፣ ፕሪቲ፣ ግሬት። ጥናቱ ሙገሳን ቀመር ብሎ ነው የጠራው።

ስለዚህ «አስደናቂ ነሽ፣ የማይታመን ነው» የሚለው ፈረንጅ በአብዛኛው የቴሌቪዥን ፈረንጅ ነው። የጎረቤቱ ፈረንጅ እንደኛው የለመደውን ይደግማል። የተለመደ ቃል ጥቅም አለው፤ ሰሚው ሙገሳ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፣ ነገሩን ወደ አሽሙር አይተረጉመውም። ልዩነት የሚመጣው ከለመድነው ቃል ቀጥሎ በምንጨምረው ነገር ነው። ስለ ፀጉር በሚለው ነጥቡ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል።

«አንዲት ሴት ፀጉሯን ተቆርጣ ስትመጣ ‹ተቆረጥሽው?› እንላታለን። ይህ ምርመራ ነው። ‹በጣም በጣም ቆንጆ ነሽ› ማለት ለምን ያቅተናል?»

ጥያቄው ላይ ካቆምን ጸሐፊው ልክ ነው። እንዲያውም ካለው በላይ ልክ ነው። ፀጉሯን ተቆርጣ የገባች ሴት ብዙ ጊዜ መስታወት ፊት «ምነው ባልነካሁት» ብላ ነው የመጣችው። «ተቆረጥሽው?» ተብሎ ዝም ሲባል፣ ዝምታው ፍርድ ሆኖ ይሰማታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ «ኧረ ያምራል» ማስተዛዘኛ ይመስላል። እዚህ ላይ ሰከንዶች ዋጋ አላቸው።

ነገር ግን ጥያቄው ራሱ የሙገሳው ግማሽ ነው። «ቆንጆ ነሽ» የሚለውን መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሊላት ይችላል። ይላታልም፤ ለከፋ እንለዋለን። «ተቆረጥሽው?» ሊላት የሚችለው ግን ትናንት ፀጉሯ የት ድረስ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጥያቄው «ሳይሽ ኖሬያለሁ» ይላል። የሚጎድለው ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ እሱም በዚያው ትንፋሽ መከተል አለበት።

በቢሮ ምሳሌ ላሳያችሁ። ጀርባዋ ድረስ የነበረውን ፀጉር አንገቷ ላይ ቆርጣ የመጣች ባልደረባ አለች እንበል። ከጎኗ የሚቀመጠው ወንድ «በጣም በጣም ቆንጆ ነሽ!» ቢላት «አመሰግናለሁ» ብላ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ ትመልሳለች። ቢሮው በሙሉ ጆሮውን ያቆማል። ሰውየው ያደነቀው ፀጉሩን ሳይሆን እሷን ነው፤ ይህም መጀንጀን ነው የሚባለው። አለቃዋ ቢሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። «ተቆረጥሽው እንዴ? እንዴት አምሮብሻል!» ቢላት ግን እዚያው ቦታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያለ ምንም ሐፍረት ትቀበለዋለች። «አምሮብሻል» የተደረገውን ነገርና ያደረገችውን ሰው አብሮ ያመሰግናል፤ ምርጫዋን ያወድሳል እንጂ ገላዋን አይመዝንም። ለአክስትም፣ ለአለቃም «አምሮብዎታል» ይባላል። ለአክስት «ቆንጆ ነዎት» ብላችሁ ሞክሩትና ፊታቸውን እዩ።

ብርታቱንስ ከየት እናምጣ? ጸሐፊው «በጣም»ን እንድንደጋግም ይመክራል። አፍ ላይ ሲደጋገም ግን «በጣም» እየቀለለ ነው የሚሄደው፤ ድምፁ ትንሽ ከተጎተተማ ሹፈት ይሆናል። አማርኛ ከፍ ማለት ሲፈልግ መንገዱ ሌላ ነው። «እንዴት አምሮብሻል!» ይላል። «ሲያምርብሽ!» ይላል። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ!» ይላል። ተናጋሪው ልኩን መናገር እንዳቃተው ሰው ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ ሰሚዋ ልኩን አትጠይቀውም። ሥራዬ ላይ ተዋናይ «በጣም፣ በጣም፣ በጣም ያምራል» ሲል ሦስቱንም «በጣም» አውጥቼ አንድ «እንዴት» አስገባለሁ። ጊዜም ይተርፋል፣ ስሜቱም አይወርድም።

ከዚያ በላይ መሄድ የፈለገ ደግሞ ዝርዝር ይጨምር። «ፊትሽን አወጣው።» «አንገትሽ ታየ።» ለወንድ፦ «ተስተካከልክ? ጎኑን እንዴት አድርጎ ነው ያወረደው!» የዚህ ሁሉ ቁንጮ ግን አጭር ጥያቄ ነው፦ «ማን ሠራሽ?» ወይም «ማን ቆረጠህ?» ይህን የጠየቀ ሰው የራሱን ፀጉር እዚያ ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ነው። ከልቡ ካልሆነ አይጠይቅም። ሹሩባ ሲሆንማ መልሱን ሰምቶ «እጇ ይባረክ» ይጨመርበታል፤ ምርቃቱ ለሠሪዋ፣ ውበቱ ለባለቤቷ ይሆናል። ሙገሳው ለሁለት ስለተከፈለ ባለቤቷን አያሳፍራትም።

አንድ ወጥመድ አለ። «ዛሬ አምሮብሻል» ብሎ «ዛሬ»ን ማጥበቅ። «ሌላ ቀንስ?» የሚለው መልስ ከአፏ ባይወጣ እንኳ ከዓይኗ አይጠፋም። ምግብ ላይም «ዛሬስ ጣፍጧል» ያው ነው። ቀኑን መተው ይሻላል።

ለጸሐፊው የምለቅለት ነጥብ እዚህም አለ። ዐረቦች ፀጉሩን ለተቆረጠ ሰው «ነዒመን» ይላሉ። ቱርኮች «ስሃትለር ኦልሱን» ይላሉ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን አዲስ ልብስ ለለበሰችም ፀጉሯን ለተቆረጠችም «ቲትሐድሺ» ሲባል በየቀኑ ይሰማሉ። ቃሉን ማሰብ አያስፈልግም፤ ያየ ሁሉ ይለዋል፣ ማንም ሳይባል አይቀርም። እኛ ለፀጉር ብቻ እንዲህ የተቀመጠ አንድ ቃል የለንም። ዝም የምንለው በከፊል ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ነው ጥያቄውንና «እንዴት አምሮብሻል»ን አያይዘን መልመድ ያለብን።

ያላማረስ ከሆነ? ጽሑፉ «ለማስደሰት ብላችሁ በሉት» ይላል። አይሆንም። ፀጉሩ ቀስ ብሎ ሲያድግ እሷም መበላሸቱን ታየዋለች፤ ያኔ «እንዴት አምሮብሻል» ያለችው ጓደኛ ቀጥሎ የምትለው ሁሉ ይረክሳል። እውነት የሆነውን ክፍል ፈልጎ መናገር ይቻላል፤ ቀለሙን፣ የፊቱን አቆራረጥ። እሱም ከሌለ «ቀለል አለሽ አይደል?» ይበቃል። ስለ እሷ መጠየቅ ነው፤ ውሸትም የለበትም።

«‹ከዓይን ያውጣሽ› ኋላ ቀር ፍርሃት ነው። ‹ወፍረሻል› ማለታችንም ያሳፍራል።»

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እስማማለሁ። «ወፍረሻል»፣ «ተመችቶሻል» ድሮ ጤናና ጥጋብ ማለት ነበር፤ ዛሬም ክፍለ አገር ያሉ አክስት በፍቅር ነው የሚሉት። ከተማ ያለችው ልጅ ግን እንደዚያ አትሰማውም። ከእኩያ የመጣ ከሆነ መተው ነው። ከአክስት ከመጣ ደግሞ ፍቅሩን ብቻ መውሰድ ነው።

የመጀመሪያው ላይ ግን ጸሐፊው ተቻኩሏል። አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ይህን አይቶታል። እንግዳው ሕፃኑን ገልጦ «እንዴት ያምራል! ዓይኑ! ጉንጩ!» እያለ ይቀጥላል። እናትየዋ ትስቃለች፤ እጇ ግን ሳይታወቃት ነጠላውን ወደ ሕፃኑ ፊት ይስበዋል። ያው እንግዳ «ያሳድግልሽ» ሲል እጇ ይቆማል። ሙስሊም ጎረቤት ከሆነች «ማሻአላህ» ትቀድማለች፤ እናትየዋ ክርስቲያንም ብትሆን ልቧ ያርፋል።

ይህን ለመረዳት በቡዳ ማመን አያስፈልግም። መልክን አጥብቆ ማድነቅና መመኘት ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። ሰሚው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። «ከዓይን ያውጣሽ» ያለ ሰው «የአንቺ ነው፣ በአንቺ ላይ ይቆይ» አለ። እኔ እንዳየሁት ልኩ እንዲህ ነው፦ ለተራ ቀሚስ «አምሮብሻል» ብቻውን ይበቃል። ለሙሽራ፣ ለሕፃን፣ በክብረ በዓል ተውባ ለመጣች ልጅ ሙገሳው ከፍ ሲል ምርቃቱም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። ምርቃቱን አውጥተን ሙገሳውን ብቻ እንደዚያው ካስቀረን ሰውየው የሚመኝ ይመስላል። የምርቃቱ ቃል የማይስማማበት ቦታም አለ፤ የሥራ ስብሰባ፣ ገና የተዋወቁት ሰው፣ ነገሩን የማይወድ ወጣት። እዚያ ምርቃቱን ስንተው ሙገሳውንም አብረን ማቅለል አለብን። «ቀሚሱ አምሮብሻል» ብሎ ወደ ሥራ መሄድ።

«ሲያደንቁን ‹ኧረ ተወኝ› እንላለን። በራስ ያለመተማመን ነው። ‹አመሰግናለሁ› ብሎ መዝጋት ነው ሥልጣኔ።»

አኒታ ፖመራንትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰዎች ለሙገሳ ምን እንደሚመልሱ የተመለከተ ጽሑፍ አሳትማለች፤ የመረመረችው የአሜሪካውያንን ንግግር ነው። ያገኘችው ነገር ለጸሐፊው አይመቸውም። ሰው ሲመሰገን ሁለት ነገር በአንዴ ይይዘዋል፤ ያመሰገነውን ሰው አለመቃወም፣ ራሱንም አለማሞገስ። ብዙዎቹ ስለዚህ ንጹሕ «አመሰግናለሁ» አይሉም። ይቀንሱታል፣ ወደ ሌላ ይገፉታል፣ ወይም «አንቺም» ብለው ይመልሱታል። ነገሩ የአበሻ በሽታ አይደለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ «ኧረ ተይ» የተለየ ሥራ ይሠራል። ይህን ተመልከቱ፦

«ፀጉርሽን ተቆረጥሽው? እንዴት አምሮብሻል!»

«ኧረ ተይ፣ አሳጠረችብኝ እኮ።»

«እውነቴን ነው! ፊትሽ ፈካ፣ አንገትሽ ታየ። ማን ሠራሽ?»

«እዚሁ ሰፈር ናት። ቅዳሜ ልውሰድሽ?»

«ኧረ ተይ» በሩን አልዘጋም። «ከልብሽ ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ዝርዝር ይዞ ሲመጣ ሙገሳው ጸና፤ «ቅዳሜ ልውሰድሽ» ደግሞ ከማንኛውም «አመሰግናለሁ» የበለጠ መቀበል ነው። አማርኛ የሙገሳውን ብርታት የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ጸሐፊው እንደሚመክረው ትልቁን ቃል መጀመሪያ ላይ የጨረሰ ሰው «ኧረ ተወኝ» ሲባል የሚለው ያጣል፤ ያንኑ ቃል ጮክ አድርጎ ይደግማል። ሽንገላው የሚገለጠው ያኔ ነው።

«አልበላችሁም፣ አልጣማችሁም መሰለኝ» የሚሉት የጓደኛችሁ እናትም ስለ ሙያቸው አልተጠራጠሩም። ሁለተኛውን ዙር እየጠሩ ነው። «ኧረ እማማ፣ ሁለቴ አስጨምሬ! ቁሌቱማ ቤቴ ልውሰደው የሚያሰኝ ነው» ሲባሉ ነው ወንበር ስበው የሚቀመጡት።

ሲበዛ እንደሚያደክም ግን አልክድም። አድናቂው ምክንያቱን ነግሮ ጨርሶ አሁንም «ኧረ ተይ» የምትል ሰው ለሦስተኛ ጊዜ እያስለመነች ነው። ከሁለተኛው በኋላ «አመሰግናለሁ» ወይም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መቀበል ነው። የቆዩ ሰዎች «የዓይንሽ ማማር ነው» ይሉ ነበር፤ መቀበሉም፣ መመለሱም በአንድ ቃል ያልቃል።

በስልክ የሚላክ ሙገሳ ግን ለብቻው ነው። እዚያ ሁለተኛው ዙር ላይመጣ ይችላል፤ ድምፅና ፊትም የሉም። ስለዚህ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ጋር አብሮ መላክ ያስፈልጋል፦ «ፎቶሽን አየሁት። ሹሩባው እንዴት አምሮብሻል፣ ግንባርሽ ላይ ያለችው ቀጭኗ ጉንጉንማ! ማን ሠራሽ?» ለዚህ «አመሰግናለሁ» የሚል አጭር መልስ ብቻ ቢመጣም ቅር አይበላችሁ።